ቢን ካርዶቹን ወደ ሠንጠረዥ ያሻገርኩበት መንገድ

የምሠራው በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ውስጥ ነው። አንድ ስቶር፣ አንድ ማደያ ክፍልና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለን። የመድኃኒት መዝገባችን ግን በየቦታው ተበታትኖ ነበር። የየመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ መደርደሪያው ላይ፣ የገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 እና የወጪው ሞዴል 22 ፋይል ውስጥ፣ ሊበላሹ የተቃረቡት ዝርዝር ደግሞ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነበር የሚገኘው። «በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ኤክስፓየር የሚያደርገው የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ሦስቱንም ማገላበጥ ነበረብኝ። ሁሉንም በአንድ ኤክሴል ላይ ለማሰባሰብ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የወሰንኩት ነገር ከካርዱ ላይ እንዳልገለብጥ ነው። ቢን ካርድ ጠቅላላ ብዛቱን በደንብ ይነግርሃል። ከዚያ ብዛት ውስጥ ስንቱ ከየትኛው ባች፣ ማለትም ከየትኛው የምርት ዙር፣ እንደሆነ ግን አይነግርህም። የባች ቦታው ወይ ባዶ ነው፣ ወይ መጨረሻ የገባው ብቻ ተጽፎበታል። ስለዚህ ካርዱን ትቼ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ካርቶን በካርቶን እያወረድን፣ ባች ቁጥሩንና ማብቂያ ቀኑን ከማሸጊያው ላይ እያነበብን ቆጠርን። ማደያ ክፍሉንም በዚያው ቀን ነው የቆጠርነው። አለበለዚያ በመሃል ከስቶር ወደ ማደያ የተላከው ዕቃ ወይ ሁለቴ ይቆጠራል፣ ወይ ጭራሽ ይዘለላል።

ሁለተኛው ውሳኔ ደግሞ ሠንጠረዡን ለሁለት መክፈል ነበር። ብዙ ሰው አንድ መድኃኒት በአንድ መስመር ጽፎ፣ ባቹንም ኤክስፓየሩንም ማዘዣ መጠኑንም ጎን ለጎን ለመደርደር ይሞክራል። ይሄ ሁለተኛ ባች የገባ ዕለት ይፈርሳል። ባች ቁጥርና ማብቂያ ቀን የአንድ ምርት ዙር ጉዳይ ነው። ማዘዣ መጠን ግን የመድኃኒቱ ነው፤ አሞክሲሲሊን ከሦስት ባች ቢመጣም ማዘዣ መጠኑ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንደኛው ገጽ እያንዳንዱ ባች የራሱ መስመር አለው። በሌላኛው ገጽ ደግሞ እያንዳንዱ መድኃኒት አንዴ ብቻ ይጻፋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የመድኃኒቱ ስም ነው። ስሙ በእጅ ከተጻፈ አንዱ ጋ «አሞክሲሲሊን 500»፣ ሌላው ጋ «አሞክሳሲሊን 500 ሚግ» ይሆንና ድምሩ ጸጥ ብሎ ይጎድላል። ከተቆልቋይ ዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ማድረግ ይሻላል። መለኪያውም ቢሆን አንድ ይሁን። እኔ ለእንክብልና ለካፕሱል ሁልጊዜ ፍሬ ነው የምጽፈው። «3» ተብሎ የተጻፈ ፓራሲታሞል ሦስት ፓኬት ይሁን ባለ 1,000 ፍሬ ሦስት ቆርቆሮ ማን ያውቃል?

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ቀኑ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። እኛ የምንጽፈው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ከካርቶኖቹ ጋር ሳመሳክር፣ ካርቶኑ ላይ 06/2025 የሚለው ወረቀቱ ላይ 6/2017 ሆኖ አገኘሁት። ስቶሩን የሚይዙትን ሲስተር ጠየቅኳቸው።

«ይሄማ ወደ እኛ ተለውጦ ነው፣ ስምንት ዓመት ተቀንሶ» አሉኝ።

«ወሩስ፣ ሲስተር?»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ወሩ እንዳለ ነው የተቀመጠው» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የፈረንጆቹ ስድስተኛ ወር ጁን ነው፤ የኛ ስድስተኛ ወር የካቲት። 06/2025 ማለት እስከ ጁን 30፣ ማለትም እስከ ሰኔ 23 ቀን 2017 ድረስ ነው። 6/2017 ብሎ የጻፈ ሰው ግን የካቲት 2017 ነው የሚያነበው። መድኃኒቱ ከአራት ወር ገደማ ቀድሞ የተበላሸ ይመስላል፤ ደህና ዕቃ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ይሄ ገንዘብ ነው የሚያስከስረው። የባሰው ግን ሰባት የቀነሰው ነው። 6/2018 ተብሎ ከተጻፈ የካቲት 2018 ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከትክክለኛው ቀን ስምንት ወር ገደማ ያልፋል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለሕመምተኛ የሚሰጠው በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። እኛ ጋ ሁለቱም ዓይነት ነበር። አንዳንዱን ስምንት፣ አንዳንዱን ሰባት ቀንሶ የጻፈው ሰው ይለያያል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማብቂያ ቀን አይለወጥም። ማሸጊያው ላይ እንደታተመው በፈረንጅ ይገባል፣ አለቀ። የገባበት ቀን ግን ሞዴል 19 ላይ እንዳለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቆያል። ሁለቱ በተለያየ ዓምድ፣ በተለያየ ቀለም ናቸው፤ የዓምዱ ርዕስ ላይም «እ.ኤ.አ.» እና «ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል።

ኤክሴልም የራሱ ጣጣ አለው። 06/2025 ብለህ ስትጽፍ ጁን 1 አድርጎ ይይዘዋል። ወርና ዓመት ብቻ ሲታተም ግን መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ነው። ስለዚህ የጻፍነውን ወደ ወሩ መጨረሻ የሚወስድ ቀመር አስገባሁ፦

```
=EOMONTH(F2,0)
```

F የምንጽፍበት ዓምድ ነው፤ ውጤቱ C ላይ ይቀመጣል። አቀራረቡንም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል አድርጌዋለሁ። Jun-25 ተብሎ ሲታይ ጁን 25 ቀን ነው ብሎ የሚያነብ ሰው አለና።

ባች ቁጥር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። 007412 ብትጽፍ ኤክሴል ዜሮዎቹን ጥሎ 7412 ያደርገዋል። 24E103 የሚል ባች ቢያገኝ ደግሞ ሒሳብ መስሎት 2.4E+104 ብሎ ያሳይሃል። ከዚያ በኋላ አቀራረቡን ብትቀይር የጠፋው አይመለስም፤ ካርቶኑን ሄደህ ማየት ነው። ስለዚህ ገና ምንም ሳይጻፍ የባች ዓምዱን በሙሉ Text አድርጉት። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድን ባች ከገበያ ሰብስቡ ሲል የምትፈልጉት በዚያ ቁጥር ነው። አንዲት ዜሮ ከጎደለች ፍለጋው «የለም» ይላችኋል፤ ዕቃው ግን መደርደሪያው ላይ አለ።

አሁን ወደ ማዘዣ መጠኑ እንምጣ። እንደኛ ላለ ጤና ጣቢያ በመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓቱ የተቀመጠው ማክሲመም የአራት ወር፣ ሚኒመም የሁለት ወር፣ የድንገተኛ ማዘዣ ነጥብ ደግሞ የግማሽ ወር ፍጆታ ነው። ዋናው ጉዳይ የወር ፍጆታውን በትክክል ማወቅ ነው። አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም ካፕሱልን እንውሰድ፤ ቁጥሩን ለአያያዝ እንዲቀል አጠጋግቼዋለሁ። ቀኑ ግንቦት 24 ቀን 2017፣ ማለትም ጁን 1 ነው እንበል። ባለፉት ስድስት ወራት 5,400 ፍሬ ወጥቷል። ለስድስት ሲካፈል 900 ይመጣል። ግን ከስድስቱ ወራት ውስጥ አንድ ወር ተኩል ያህል መድኃኒቱ ጭራሽ አልነበረም። ባልነበረበት ጊዜ ያልወጣው ሕመምተኛ ስላልፈለገው አይደለም። ስለዚህ የሚካፈለው ለ4.5 ነው፤ 1,200 ይሆናል። ሚኒመሙ 2,400፣ ማክሲመሙ 4,800 ማለት ነው።

መደርደሪያው ላይ 3,000 ፍሬ አለ። በድሮው አካሄድ 3,000 ለ900 ሲካፈል ከሦስት ወር በላይ ይበቃል፤ ማንም አያዝም። ባቹን ግን እንይ። 2,000ው የሚያበቃው ጁን 30 ነው፤ 1,000ው ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ማርች ላይ። ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይወጣል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ሆኖም አንድ ሕመምተኛ በቀን ሦስቴ ለሰባት ቀን የሚወስድ ከሆነ 21 ፍሬ ይዞ ነው የሚሄደው፤ የመጨረሻውን ፍሬ የሚውጠውም ከሰባት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ከጁን 24 በኋላ ከዚያ ባች መስጠት አይቻልም። በቀን 40 ፍሬ ቢወጣ በ24 ቀን የሚያልቀው 960 ነው። 1,040ው ይቀራል። በእርግጥ በእጃችን ያለው 960 እና 1,000፣ በድምሩ 1,960 ነው። ከሚኒመም በታች ነው፤ የሚበቃውም ለአንድ ወር ከአሥራ ዘጠኝ ቀን ገደማ ብቻ ነው። እስከ ማክሲመም ለመሙላት 2,840 ያስፈልጋል። ባለ 100 ፍሬ ፓኬት ከሆነ 29 ፓኬት ይታዘዛል።

ያንን 1,040 የመሰለውን የምጽፍበት አንድ ዓምድ ባች ገጹ ላይ ጨምሬያለሁ፤ E ነው። እሱን በእጅ ነው የምሞላው፤ ምክንያቱም የሁለተኛው ባች ስሌት የመጀመሪያው በሚያልቅበት ጊዜ ይወሰናል፣ ቀላል ቀመር ደግሞ ያንን አይይዝም። D ብዛቱ፣ C ማብቂያ ቀኑ፣ A ስሙ ነው። የመድኃኒቱ ገጽ ላይ ያለው ድምር ይሄው፦

```
=SUMIFS(Batch!D:D,Batch!A:A,A2,Batch!C:C,">="&TODAY())
-SUMIFS(Batch!E:E,Batch!A:A,A2,Batch!C:C,">="&TODAY())
```

ጊዜው ያለፈበት ባች በራሱ ከድምሩ ይወጣል። መስመሩን ግን አልሰርዘውም። ዕቃው በሰነድ እስኪወገድ ድረስ ስቶሩ ውስጥ ነው፤ ቆጠራ ሲመጣም ይጠየቃል።

ትርፉን 1,040 ፍሬ በተመለከተ በግንቦት መጨረሻ ብዙ የሚደረግ ነገር የለም። ሕመምተኛ ወደሚበዛበት ሌላ ጤና ተቋም በሞዴል 22 ማዛወር ይቻላል፤ ግን ተቀባዩም ቢሆን ለመጠቀም ጊዜ ያስፈልገዋል። ያው መስመር የካቲት ላይ ቢታይ ኖሮ ሌላ ነው። አሁን በየወሩ መጨረሻ ባች ገጹን በማብቂያ ቀን እደረድርና እስከ ስድስት ወር ያሉትን ከሲስተር ጋር አንድ በአንድ እናያለን። በየሁለት ወሩ የምንልከው ሪፖርትና ማዘዣም ከዚያ ገጽ ይሞላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሠንጠረዡን አላምነውም፤ የወባ መድኃኒት ላይ። ወባ እኛ ጋ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው የሚበረታው። ሐምሌ ላይ ያለፉትን ስድስት ወራት አማካይ ወስደህ ብታዝ ጥቅምት ላይ ባዶህን ትቀራለህ። ስለዚህ ለአርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን የወር ፍጆታውን የማስገባው በእጅ ነው፤ የምወስደውም ካለፈው ዓመት የዚያው ወቅት መዝገብ ነው። ያ ሴል ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ማንም ቀመር እንዳይጎትትበት።