ድምሩ ሲዋሽ፦ ከደበዘዘ ስክሪንሾት ቁጥር ስለ መገልበጥ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ባለው ኮንዶሚኒየማችን የብሎኩን መዋጮ ሒሳብ ስረከብ የቀድሞው ጸሐፊ ፋይሉን አልሰጠኝም። የሰጠኝ ስክሪንሾት ነው፤ እሱም በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲተላለፍ ደብዝዞ 3 እና 8 የማይለይበት። እናንተ ግን ፋይሉን ሳትይዙ «ተረክቤያለሁ» ብላችሁ እንዳትፈርሙ። ቢያንስ ምስሉ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቃል፣ ፋይልን አይነካም።

ሰንጠረዡ ጥበቃ፣ የውሃ ፓምፕ እና ጽዳት የሚሉ ሦስት ዓምዶች ነበሩት። የየቤቱ ድምር በቀኝ፣ የየዓምዱ ድምር ከታች አለ። ቁጥሮቹን በስልኬ ጽሑፍ ማንበቢያ አውጥቼ ወደ ኤክሴል ገለበጥኩና ድምሩን ከምስሉ ጋር አስተያየሁ።

የጥበቃው ዓምድ በ650 አነሰ። ዓምዱ ውስጥ ደግሞ 650 የከፈለ ቤት አለ። ስልኩ 0ን O ብሎ አንብቦት ኖሮ፣ ኤክሴል ያንን ሴል እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ `SUM` ምንም ሳይል ዘለለው። ይህን ያዙልኝ፦ O ሲገባ የሚጎድለው አንድ አሃዝ ሳይሆን ሴሉ እንዳለ ነው። የፓምፑ ዓምድ ደግሞ በ50 በለጠ። በአንድ ቁጥር የአስር ቤት ላይ ያለን 3 8 ብሎ ማንበብ ልክ 50 ይጨምራል፤ ስለዚህ በአስር ቤታቸው 8 ያላቸውን ቁጥሮች ብቻ አየሁ። በ17ኛው ረድፍ 350፣ 480 እና 150 ሲደመሩ 980 ይሆናሉ፤ ምስሉ ግን 930 ይላል። 480ው 430 ነበር ማለት ነው።

ያናደደኝ ጽዳቱ ነው። የእኔ ድምር 5,050፣ የምስሉ 4,850። በ9ኛው ረድፍም 350፣ 400 እና 200 ስደምር 950 አገኛለሁ፣ ምስሉ ላይ ግን 750 ነው። አጠቃላይ ድምሩም እንዲሁ በ200 ያንሳል። ሦስቱም ድምሮች ተስማምተው የዘጠነኛዋ ቤት የጽዳት ክፍያ ዜሮ ነው ይላሉ። ምስሉ ላይ ግን 200 በግልጽ ይታያል። እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ ደህና የሚነበበው እሱ ነበር።

ጸሐፊውን ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ድምሩን የሠራው ኤክሴል ነው፤ ማሽን አይሳሳትም፤ ድምሩን ተከተል» አለኝ። የኮሚቴውም መመሪያ ያው ነው፤ ልዩነት ከተፈጠረ ድምሩ ይጸናል። በዚህ መመሪያ ብሄድ የዘጠነኛዋ ቤት እማማ የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው ያልከፈሉ ተብለው ስማቸው በር ላይ ይለጠፍ ነበር።

ምስሉን አጉልቼ ሳየው ሌሎቹ ቁጥሮች በሙሉ ወደ ቀኝ ተጠግተዋል፣ ያ 200 ብቻ ወደ ግራ ተለጥፏል። ኤክሴል ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያደርጋል፤ ሰው ካልቀየረው በቀር። እንግዲህ ፊደሉን የጻፈው የእኔ ስልክ ሳይሆን ጸሐፊው ራሱ ነው። ለማረጋገጥ በእኔ ሰንጠረዥ ላይ 200ውን አጥፍቼ ሆን ብዬ በፊደል 2OO ጻፍኩበት። ሦስቱም ድምሮች ልክ ምስሉ ላይ ወዳሉት ወረዱ። ረድፉን በ`SUM` ፈንታ በመደመር ምልክት ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ኤክሴል `#VALUE!` ብሎ ያን ጊዜውኑ ይጮህበት ነበር።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ፋይሉ ሲመጣ ይህን ጻፍኩ፦

```
=ISTEXT(D9)
```

መልሱ `TRUE`። ጸሐፊው ይቅርታም አላለ፤ ዝም ብሎ 200 ብሎ አስተካከለው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ከአንድ ሴል ዋጋ ጋር እኩል ሆኖ ሳገኘው ሴሉን አልነካም፤ መጀመሪያ O የገባው እኔ ጋ ነው ወይስ እነሱ ጋ የሚለውን አጣራለሁ። መመሪያው ምንም ይበል፣ ድምር እንዲገጥም ተብሎ ክፍያ አይሰረዝም።

ድምር የማይደርስበትም አለ። በአንድ ዓምድ አንዱ በ50 በልጦ ሌላው በ50 ቢያንስ የዓምዱ ድምር ይገጥማል፤ የሚያጋልጣቸው የረድፉ ድምር ብቻ ነው። የቤት ቁጥሩ ዓምድ ደግሞ ጭራሽ ድምር የለውም። 33ን ከ38 የሚለይልኝ ነገር ስላጣሁ እሱን ጥበቃዎቹ ከሚይዙት የነዋሪ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ።