ስድስት ነጥብ በነጻ አይሰጥም፦ በቲዘር የከሰርኩበት ሲዝን

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በ2021 መጀመሪያ ላይ የስልክ ውርርድ እዚህ ሲጀመር እኔም ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ገባሁበት። አካውንት መክፈት ቀላል ነው። እኔን የጎዳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ቲዘር ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

በአሜሪካን ፉትቦል ስፕሬድ የሚባል ቁጥር አለ። አንድ ቡድን -8.5 ከተሰጠው ቲኬቱ የሚይዘው ቡድኑ በ9 ወይም ከዚያ በላይ ሲያሸንፍ ነው። በቲዘር ሁለት ጨዋታ አንድ ላይ ትቆርጣላችሁ፤ ለእያንዳንዱም 6 ነጥብ ይጨመርላችኋል። -8.5 የነበረው -2.5 ይሆናል። ግን ሁለቱም መያዝ አለባቸው። መተግበሪያው «የተሻለ ዕድል» እያለ ነው የሚያቀርበው። እኔም አመንኩ።

የማልረሳው ቲኬት የአንድ ሰኞ ማታ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከ-8.5 ወደ -2.5 ወርዶ እሁድ በሰላም ያዘ። ሁለተኛው -3 የነበረ ቡድን ነው፤ በቲዘር +3 አደረግሁት። «ቢሸነፍ እንኳ በ2 ከሆነ እበላለሁ» ብዬ ተረጋጋሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ተጋጣሚው 3 ነጥብ የሚያስገኘውን ፊልድ ጎል መታ። ቡድኔ በ3 ተሸነፈ። ከ+3 ጋር ልክ እኩል፤ ፑሽ የሚባለው ማለት ነው።

ገንዘቤ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ጠዋት ሳየው ቲኬቱ ተበልቷል። ደንበኛ አገልግሎት ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ካስጠበቁኝ በኋላ ደንቡ ላይ ተጽፏል አሉኝ። እውነትም ተጽፏል፤ ስድስት ገጽ ወርዶ፣ በቲዘር ፑሽ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል ይላል። ሌሎች አወራራጅ ቤቶች በእንዲህ ያለ ጊዜ ብሩን ይመልሳሉ። ቲኬት ስቆርጥ ያ መስመር ፊት ለፊቴ አለመቀመጡ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሳላነብ መቁረጤ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

ግን ትልቁ ስህተት ደንቡ አልነበረም። በሒሳብ ሥራ ላይ ያለ ጓደኛዬ ቲኬቱን አይቶ «ስማ፣ ዜሮን ለምን ትገዛለህ?» አለኝ። አልገባኝም ነበር። በወረቀት አሳየኝ።

ፉትቦል ውስጥ ነጥብ በብዛት የሚመጣው በ3 እና በ7 ነው። ስለዚህ ከመቶ ጨዋታ ወደ 15 የሚጠጉት በ3 ልዩነት ያልቃሉ፤ ወደ 9 የሚጠጉት ደግሞ በ7። በ1 ወይም በ2 የሚያልቁት ጥቂት ናቸው። እኩል ለእኩል መውጣት ደግሞ ተጨማሪ ሰዓት ስላለ ከስንት አንዴ ነው። እኔ ከ-3 ወደ +3 ስሄድ የገዛሁት እነዚህን ባዶ ቁጥሮች ነው። ሁለቱ 3ዎች ጫፍ ላይ ቀሩ፤ ሙሉ ለሙሉ አልተሻገርኳቸውም። ከ-8.5 ወደ -2.5 ስትወርዱ ግን 7ንም 3ንም ትሻገራላችሁ። ከ+1.5 ወደ +7.5 መውጣትም እንዲሁ ነው። ዋጋው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ዋጋው -120 ነበር፤ 100 ለማግኘት 120 ታስይዛላችሁ። ኪሳራ እንዳይኖር ከመቶ ቲኬት 54.5 መያዝ አለበት። ሁለቱም ጨዋታ መያዝ ስላለባቸው እያንዳንዱ 73.9 ከመቶ ይፈልጋል። ያለ ቲዘር 50 የነበረውን ዕድል 6ቱ ነጥቦች በ24 ገደማ ማሳደግ አለባቸው ማለት ነው። ባዶ ቁጥር ስትገዙ እዚያ አትደርሱም።

ደብተሬን አወጣሁ። በሲዝኑ 40 ቲኬት ቆርጫለሁ። 21 ያዙ፣ 19 ተበሉ። ከግማሽ በላይ አሸንፌ ነበር! ግን 21 ጊዜ 100 ያው 2,100 ነው፤ 19 ጊዜ 120 ደግሞ 2,280። 180 ዶላር ከስሬአለሁ።

ነጥብ መግዛትም ያው ነው። -3ን ወደ -2.5 ለመቀየር ዋጋው ከ-110 ወደ -135 ይወጣል። ስፕሬዱ 3 ሲሆን ተመራጩ ልክ በ3 የሚያሸንፈው ከመቶ 9 ወይም 10 ጊዜ ነው። ፑሽ ወደ ድል ሲቀየር ጥቅሙ የዚያ ግማሽ፣ 5 ገደማ ነው። ዋጋውም ከእናንተ የሚፈልገው 5 ተጨማሪ ነው። ከሌላ ቁጥር ላይ ግማሽ ነጥብ መግዛት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህም ይብሳል። ሦስተኛ ጨዋታ ጨምር የሚሏችሁንም አትስሙ፤ የሚጨመረው ጨዋታ ብዙ ጊዜ 3ን እና 7ን የማይሻገር ነው።

ከዚያ በኋላ ከ7.5 እስከ 8.5 ያሉ ተመራጮችንና ከ+1.5 እስከ +2.5 ያሉ ደካሞችን ብቻ መቁረጥ ጀመርኩ። ቤቶቹም ያውቃሉ። በቲዘር ልክ 3 ላይ እንዲቆም 8.5 መሆን የነበረበትን 9 ያደርጉታል። ከዚያም ዋጋውን -130 አደረጉት፤ እያንዳንዱ ጨዋታ 75.2 ከመቶ መያዝ ነበረበት። ቲዘር መቁረጥ ያቆምኩት ያን ሳምንት ነው።