የአንድ ቀለበት ሁለት ዋጋ

በምሠራበት የንብረት ግምት ቢሮ አንድ ደንበኛ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ግምቱ ለምን እንደተፈለገ ነው። ጥያቄው ለብዙዎች እንግዳ ይመስላቸዋል፤ ዕቃው አንድ ስለሆነ ዋጋውም አንድ ነው ብለው ይመጣሉና። ከእናታቸው የወረሱትን ንብረት ለመካፈል የመጡት የአንዲት እህትና የሁለት ወንድሞቿ ጉዳይ ግን ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ለግምት የሚወጣው ገንዘብ ጥቅም ሊያመጣ ቀርቶ ጠብ ሊያስነሣ እንደሚችል በግልጽ ያሳየ ነበር።

ንብረቱ አንድ የአልማዝ ቀለበት፣ የብር ማንኪያና ሹካ ስብስብ፣ በፍሬም የተሰቀለ ሥዕል እና ብዙ የቤት ዕቃ ነው። ወራሾቹ እህትየውና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ሲሆኑ፣ እኩል ለመካፈል ተስማምተዋል። እህትየው ቀለበቱን ትፈልጋለች፤ ወንድሞቿም አልተቃወሙም። ችግሩ የመጣው እናታቸው ለኢንሹራንስ ብለው ካሠሩት አሮጌ የግምት ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለውን ዋጋ 100 ብንለው፣ የቀረው ንብረት በሙሉ ተደምሮ 50 ያህል ይሆናል። ድምሩ 150፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ደግሞ 50 ነው ማለት ነው። ስለዚህ እህትየው ቀለበቱን ብትወስድ ለወንድሞቿ 50 በጥሬ ገንዘብ ልትመልስ ነው።

ወረቀቱን ሳነብ ግርጌው ላይ «የመተኪያ ዋጋ» የሚል ቃል አገኘሁ። ይህ ቀለበቱ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ቀለበት ከጌጣጌጥ መደብር ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፤ የባለ መደብሩ ትርፍ፣ የሠሪው የእጅ ዋጋና ታክስ ሁሉ በውስጡ አለ። ወራሾች ሲካፈሉ የሚያስፈልጋቸው ግን ትክክለኛ የገበያ ዋጋ ነው፦ ለመሸጥ ያልተገደደ ሻጭ እና ለመግዛት ያልተገደደ ገዢ፣ ሁለቱም ስለ ዕቃው ማወቅ የሚገባቸውን እያወቁ የሚስማሙበት ዋጋ። ያገለገለ ጌጣጌጥ ወደዚህ ገበያ ሲወጣ ከመደብር ዋጋው እጅግ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ተመሳሳይ ቀለበቶች በጨረታ የተሸጡበትን ዋጋ ሰብስበን ስናነጻጽር ቀለበቱ 34 ሆነ። አሁን ጠቅላላው ንብረት 84፣ ድርሻው 28፣ እህትየው የምትመልሰውም 6 ብቻ ነው።

ታናሹ ወንድም ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ የእናታችንን ወረቀት ማን ሰረዘው?» አለኝ። ማንም እንዳልሰረዘው፣ ወረቀቱ ለተሠራበት ዓላማ ትክክል እንደነበረ ነገርኩት፤ ቢጠራጠር ቀለበቱን በ100 የሚገዛ ሰው ፈልጎ እንዲያመጣና ገንዘቡን እንዲካፈሉት ሐሳብ አቀረብሁለት። ለሳምንታት ሲፈልግ ቆይቶ ተመለሰና 34ቱን ተቀበለ።

ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሌሎች ሁለት ሰዎችን አነጋግረው ነበር። አንደኛው ግምቱን በነጻ እሠራላችኋለሁ፣ ከፈለጋችሁም ቀለበቱን እኔው እገዛዋለሁ ያላቸው ነጋዴ ነው። የነጋዴ ዋጋ በራሱ ክፋት የለውም፤ ለመግዛት ያቀረበው ሒሳብ እንጂ ግምት አለመሆኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ክፍያውን ከሚወጣው ዋጋ ላይ በመቶኛ የሚያስብ ገማች ነበር። ይህ ዳኛ ከሚፈርደው ገንዘብ ላይ ድርሻ እንዲወስድ እንደማድረግ ነው፤ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር የገማቹም ኪስ ይሞላል። የታወቁ የሙያ ማኅበራት የሥነ ምግባር ደንቦች የሚከለክሉት ስለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ክፍያ የሚጠይቅ ሰው የቱንም ያህል ዕውቀት ቢኖረው ሥራ ባይሰጠው እመርጣለሁ።

ተገቢው ክፍያ በሰዓት፣ በዕቃ ቁጥር ወይም በቁርጥ የሚታሰብ ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች የመረጥነው በሰዓት ሆኖ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ በጽሑፍ የተስማማንበትን ነው። በውሉ ላይ የግምቱ ዓላማ፣ የዋጋው ዓይነት፣ ዋጋው የሚታሰብበት ቀን እና ለየብቻ የሚከፈሉት ነገሮች ሰፈሩ፤ የከበሩ ድንጋዮች ላቦራቶሪ ምርመራ እና ገማቹ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲመሰክር ቢያስፈልግ የሚከፈለው ከዋናው ክፍያ ውጪ ነው። ደንበኞች ብዙ ጊዜ የሚገረሙት ዕቃውን ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ከጠቅላላው ሰዓት ጥቂቱ በመሆኑ ነው። ቀለበቱን መዝኖ፣ ለክቶና ፎቶ አንሥቶ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በታች በቂ ሲሆን፣ የሚነጻጸሩ ሽያጮችን መፈለግና ሰነዱን መጻፍ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

ስለዚህ ሙሉ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ለአጭር የቅድመ ምልከታ ሰዓት ብቻ እንዲከፍሉ መከርናቸው፤ በኔ ግምት ከጠቅላላ ወጪያቸው ይበልጥ የጠቀማቸው ይኸው ነው። ትልቁ ወንድም ሥዕሉ የታዋቂ ሠዓሊ ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበርና የሠዓሊውን ሥራዎች ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ እንዲመረምረው ሊከፍል ፈልጎ ነበር። የሥዕልን እውነተኛነት ማረጋገጥ ከዋጋ ግምት የተለየ ሙያ ነው፣ ክፍያውም የተለየ ነው። ሥዕሉን ከግድግዳ አውርደን በማጉያ መነጽር ፊርማውን ስናይ ጥቁሩ መስመር ወደ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ተበተነ፤ ሰማዩም፣ የሰዎቹ ፊትም እንዲሁ በረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ናቸው። በብሩሽ የተቀባ ቀለም እንዲህ አይሆንም፤ ይህ የማተሚያ ማሽን አሻራ ነው። ላዩን በጣት ሲነኩት የሚሻክረው ከታተመ በኋላ በተለቀለቀው ወፍራም ቫርኒሽ ምክንያት ነበር። የሥዕሉ ነገር ያለ ተጨማሪ ወጪ እዚያው አለቀ።

ብሩም ተመሳሳይ ቅድመ ምርመራ አስፈልጎት ነበር። ማንኪያና ሹካዎቹ ላይ 925 የሚል ማኅተም ስላለ ከሺህ እጅ 925ቱ ብር ነው፤ የቢላዎቹ እጀታ ግን ውስጡ በሌላ ነገር የተሞላ፣ ስለቱም ብረት ስለሆነ ከሚዛኑ አወጣናቸው። ስብስቡን በሙሉ እንደ አንድ ዕቃ መዘገብነው። የቤት ዕቃውን ከግምቱ አስወጣን፤ ለእያንዳንዱ ሳህንና ወንበር የሚከፈለው ሰዓት ከዕቃው ዋጋ ይበልጥ ነበርና። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ተመሳሳዩ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ራስን ማየት ይበቃል፤ ሻጮች የሚጠይቁት ዋጋ ግን ገና ማንም ያልከፈለው ስለሆነ ማስረጃ አይሆንም።

ክፍያውን ሦስቱም እኩል ተካፍለው ሰነዱን ወሰዱ። ጥቂት ቆይታ እህትየው ቀለበቱን ኢንሹራንስ ልታስገባ ስትመጣ፣ 34 የሚለው ወረቀት ለዚህ እንደማይሆን ነገርናት፤ የእናቷ አሮጌ ወረቀትም የወርቅና የአልማዝ ዋጋ ስለተለወጠ መታደስ ነበረበት። «ከፍ አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ ቢጠፋ ብዙ ይከፍሉኛል» አለች። ብዙ ኢንሹራንሶች ግን በወረቀቱ የተጻፈውን ገንዘብ ሳይሆን ተመሳሳይ ቀለበት ለመተካት የሚበቃውን ብቻ ስለሚከፍሉ፣ የተጋነነ ዋጋ የሚያመጣው ከፍ ያለ ዓመታዊ አረቦን ነው። ፖሊሲዋን አንብባ ይህንኑ አገኘች። መለኪያዎቹ፣ ፎቶዎቹና የድንጋዩ ዝርዝር በመዝገባችን ስለነበሩ፣ አዲሱን የመተኪያ ዋጋ ለማዘጋጀት የከፈለችው ለገበያ ጥናቱና ለሰነዱ ሰዓት ብቻ ነበር።