ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ ሲያልፍ

የጥርን ሒሳብ ዛሬ ማታ ዘጋሁ። መዝገቤ በባንክ ያለን ከወጪ ቀሪ 178,750 ብር ነው ይላል። ከባንኩ ያመጣሁት ስቴትመንት ደግሞ 189,250 ብር ይላል። ልዩነቱ 10,500 ብር ነው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። የእድር ገንዘብ ያዥ ግን በልዩነት አይደነግጥም፤ የሚደነግጠው ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማሳየት ሲያቅተው ነው። የዚህ ወር ልዩነት የመጣው ከሰብሳቢያችን ሞት ነው። እድራችንን ለረጅም ዓመታት የመሩት ጋሼ በጥር አጋማሽ አረፉ። ሰብሳቢ ብቻ አልነበሩም፣ ከባንክ ፈራሚዎቻችንም አንዱ ነበሩ።

ነገሩ እንዲገባ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ ልናገር። በወሩ የመጀመሪያ እሁድ አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፣ በነፍስ ወከፍ 100 ብር። ለእያንዳንዱ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ዋናው ለአባሉ ይሰጣል፣ የካርቦኑ ቅጂ ጥራዙ ላይ ይቀራል። የጥሩ ደረሰኝ ከ0401 እስከ 0508 ነው። አንዱ ስም ተሳስቶ ተጽፎበት ተሰርዟል፤ እሱም ሳይቀደድ ዋናውና ቅጂው አንድ ላይ ተሰፍተው ጥራዙ ላይ አሉ። የቀሩት 107 ናቸው። 10,700 ብር የወሩ መዋጮ፣ 1,500 ብር ውዝፍ፣ 150 ብር ቅጣት። ድምሩ 12,350 ብር። ገንዘቡን ብቻዬን አልቆጥርም፣ ጸሐፊው አጠገቤ ሆኖ ይቆጥራል። ሰኞ ጠዋት ባንክ አስገባሁት፤ ስሊፑ ላይ ያለውም 12,350 ብር ነው፤ ሳንቲም አልጎደለም፣ አልተረፈም።

ይህ እኩልነት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የተሰበሰበው ገንዘብ ሳይነካ ባንክ ይገባል። ድንኳኑ ተቀዶ መሰፋት ቢኖርበት፣ ወንበር ቢሰበር፣ የሸክም ዋጋ ቢጠየቅ፣ እጄ ላይ ካለው መዋጮ አንድ ብር አይወጣም። አንድ ጊዜ ከሰበሰብኩት ላይ 300 ብር ከፍዬ የቀረውን ባስገባ ስሊፑና ደረሰኙ አይገጥሙም። ከዚያ በኋላ ጉድለት ቢመጣ፣ ጉድለት ይሁን ወጪ ማንም ሊለየው አይችልም። የእድር ገንዘብ የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ በር ነው። በአንድ ቀን ተሰርቆ አይደለም፤ «ኋላ እተካዋለሁ» እየተባለ ነው።

ለትንንሽ ወጪና ለድንገተኛ ሞት በደንባችን የተፈቀደ የእጅ ገንዘብ አለ፣ 10,000 ብር። ሞት ባንክ እስኪከፈት አይጠብቅም። ሰው ቅዳሜ ማታ ሲሞት ቀብሩ እሁድ ነው። ስለዚህ 10,000 ብሩ ቤቴ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲያልቅም በቼክ ብቻ ይተካል። የእጅ ገንዘቡ የራሱ ገጽ አለው። በማንኛውም ቀን ሣጥኑ ቢከፈት፣ በውስጡ ያለው ጥሬ ብርና የክፍያ ማዘዣዎቹ ተደምረው 10,000 መምጣት አለባቸው። ከቁጥጥር ኮሚቴ ሰው ሳይነግረኝ መጥቶ ቢቆጥር ደስ ይለኛል፤ ይህን ለእነሱም ብያቸዋለሁ።

አሁን ወደ ፊርማው። አንዳንድ እድሮች የቁጠባ ሒሳብ ነው ያላቸው፤ ገንዘብ ሲወጣ ሁለቱ ፈራሚዎች አብረው ባንክ ይሄዳሉ። የእኛ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ነው። ወለድ የለውም፣ ግን ቼክ አለው፤ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ በስሙ ጽፈን እንሰጣለን። ባንኩ ዘንድ የተመዘገቡት ፈራሚዎች ሦስት ናቸው፦ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና እኔ። ከሦስቱ ሁለቱ ከፈረሙ ቼኩ ይከፈላል።

መጀመሪያ ላይ ፈራሚዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ። ሦስተኛ እንጨምር ያሉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። «የቀብር ማኅበር ይዘን፣ እኛ የማንሞት ይመስል ሁለት ሰው ላይ ብቻ እንንጠልጠል?» አሉ በጠቅላላ ጉባኤው። አንዳንዱ አልወደደውም። ፊርማ በበዛ ቁጥር ገንዘቡ ይላላል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ሦስት ሰው ተመዝግቦ አንዱ ብቻውን ማውጣት ቢችል አደጋ ነው። ግን መመዝገብና መፈረም ይለያያል። ሦስት ተመዝግቦ ሁለት ይፈርማል፤ ጥበቃው አይቀንስም፣ አንዱ ሲጎድል ግን በሩ አይዘጋም።

ጋሼ አፈራረማቸው ለየት ያለ ነበር። ቼክ ሲቀርብላቸው ብዕር አያነሱም። መጀመሪያ «ማዘዣው የታለ?» ይላሉ። የክፍያ ማዘዣውን ያነባሉ፤ ለማን፣ ስንት፣ በየትኛው የደንብ አንቀጽ። ቀጥሎ የቼኩን ጉርድ ያያሉ። ጉርዱ ላይ ቀን፣ ስምና ብር ካልተጻፈ ቼኩን ይመልሱልኛል፣ ጻፊና አምጪ ብለው። ከዚያ ያለፈውን ጉርድ ገልጠው መዝገቤ ላይ መስፈሩን ያያሉ። ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ይህ ሁሉ ያሰለቻል። ግን ሁለተኛ ፊርማ ማለት ይኸው ነው። ሁለተኛው ሰው ሳያይ የሚፈርም ከሆነ ባንኩ ሁለት ፊርማ ይቁጠር እንጂ ገንዘቡን የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ሕመሙ ጠናባቸው። አልጋ ሲይዙ፣ እየተመላለስን እንዳንቸገር ያሰቡ አንዳንድ የኮሚቴ አባላት «አምስት ስድስት ቅጠል ባዶውን ያስፈርሙንና ገንዘብ ያዧ ዘንድ ይቀመጥ» አሉ። በቅንነት ነው ያሉት። እኔ እምቢ አልኩ። ባዶ ቼክ ላይ አንዱ ፊርማ አስቀድሞ ካረፈ፣ ያ ቅጠል በእኔ ፊርማ ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ሣጥኔ ቢሰበር፣ የእኔን ፊርማ የሚያስመስል ሰው ብቻ ነው የሚጎድለው። ደግሞም ለእኔ ለራሴ ጥበቃ የለውም። ሐሜት ቢነሳ በምን እከላከላለሁ? ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ልጄ ልክ ናት፣ ጸሐፊው ይፈርም» አሉ። ከዚያ በኋላ የወጡት ቼኮች ሁሉ በጸሐፊውና በእኔ ፊርማ ናቸው።

ጋሼ ያረፉት ቅዳሜ ማታ ነው። ጥሪ ነጋሪው ሌሊቱን ዞረ። እሁድ ከማለዳው ድንኳን ተተከለ፣ ወንበርና ሳህን ከመጋዘን ወጣ። በደንባችን ሙሉ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ 20,000 ብር ይሰጣል። የክፍያ ማዘዣ የሚያጸድቁት ሰብሳቢው ስለነበሩ፣ በደንቡ መሠረት ምክትላቸው ፈረሙ። ሁለት ማዘዣ አዘጋጀሁ። በአንደኛው የእጅ ገንዘቡን 10,000 ብር እንዳለ ለታላቅ ልጃቸው በምስክር ፊት ቆጥሬ አስረከብኩ፣ ተፈራረምን። ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ያ ማዘዣ ብቻ ነው። ሁለተኛው ማዘዣ ለቀሪው 10,000 ነው።

ሰኞ በጸሐፊው ፊርማና በእኔ ሁለት ቼክ ተጻፈ። አንዱ 10,000 ብር በባለቤታቸው ስም። ሌላው 10,000 ብር የእጅ ገንዘቡን ለመተካት፣ ምክንያቱም ሌላ ሞት ነገም ሊመጣ ይችላል። ጉርዱን ስሞላ እንባዬ መጣ። ጉርዱ ሳይሞላ ማን ይመልስልኛል ከእንግዲህ?

ፈራሚዎቻችን ሁለት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሰኞ ሌላ ነበር። ባንኩ በአንድ ፊርማ አይከፍልም፣ ትክክልም ነው። አዲስ ሰው ለማስመዝገብ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ምልአተ ጉባኤ ሞልቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ መፈረም አለበት። ያ እስኪያልቅ በባንክ ከ180,000 ብር በላይ እያለን ለሰብሳቢያችን ሐዘን ከሰው እንበደር ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱ። ወሩ ሲጀምር በባንክ 186,400 ብር ነበረን። 12,350 ገባ፣ ሁለቱ ቼኮች 20,000 አወጡ፣ 178,750 ቀረ። መዝገቤ የሚለው ይህንን ነው። ባንኩ ግን የሚያውቀው ወደ መስኮቱ የመጣውን ቼክ ብቻ ነው። የእጅ ገንዘቡን ቼክ እኔው መንዝሬዋለሁ፣ ስቴትመንቱ ላይ አለ። የባለቤታቸው ቼክ ግን የለም። ገና አልመነዘሩትም። ይህ 10,000 ብር ባንክ ይቀመጥ እንጂ የእኛ አይደለም። በስቴትመንቱ ብቻ የሚሄድ ኮሚቴ ይህን ገንዘብ አለን ብሎ ወንበር ይገዛበታል፣ በኋላ ቼኩ ሲመጣ ሒሳቡ ይጎድላል።

የቀረው 500 ብር ነው። በሞባይል የገባ ነው፣ ስቴትመንቱ ላይ የላኪው ስም ተቆርጦ ግማሹ ብቻ ይነበባል። እንዲህ ያለውን ገምቼ ለማንም አልመዘግብም። ስሙ ለሚመሳሰል አባል ብጽፈው፣ የከፈለው ሰው ውዝፍ ተብሎ ይቀጣል። «ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ» ብዬ በማስታረቂያው ወረቀት ላይ አሰፈርኩትና በቴሌግራም ግሩፓችን ጠየቅኩ። ማምሻውን አንዲት አባል የባንኩን መልእክት ስክሪን ሾት ላከች፤ ውጭ ያለው ልጇ የአምስት ወር መዋጮ ከፍሎላት ኖሯል። ቀኑና የማጣቀሻ ቁጥሩ ገጠመ። ደረሰኝ ነገ እቆርጣለሁ፣ መዝገቡም ላይ በየካቲት ገቢ ይሆናል። 178,750፣ 10,000፣ 500። ተደምሮ 189,250። የማስታረቂያው ወረቀት ላይ ጸሐፊው ነገ ይፈርምበታል፣ አንድ ቅጂ ለቁጥጥር ኮሚቴው ይሄዳል።

በሚቀጥለው እሁድ ጉባኤ አለ። ምክትሉ ሰብሳቢ ሆነው እንዲመረጡ ሐሳብ ቀርቧል፣ ከተመረጡም ሦስተኛ ፈራሚ እሳቸው ናቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ ሁለት ነገር ለየብቻው እንዲጻፍ ጸሐፊውን ነግሬዋለሁ፦ የጋሼ ፊርማ መሻሩና የአዲሱ ሰው መተካቱ። «አዲስ ፈራሚ ተመርጧል» ብቻ ከተባለ አሮጌው ፊርማ በባንኩ ካርድ ላይ ሊቀር ይችላል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ መታወቂያና ፎቶ ይዘን ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን።

የጋሼን ባለቤት ስለ ቼኩ አሁን አላስቸግራቸውም። ከአርባው በኋላ ልጃቸውን አነጋግራለሁ፤ ቼክ ብዙ ወራት ከቆየ ባንክ አይቀበለውም፣ በሌላ መተካት ይኖርብናል። እስከዚያ የምንፈርመው ሁለት ብቻ ነን። ጸሐፊው በዚህ ሳምንት ክፍለ ሀገር ሊሄድ ነበር፤ ዛሬ ደውዬለት አዲሱ ፊርማ እስኪመዘገብ ሁለታችንም ከከተማ እንዳንወጣ ተስማማን።