አመዜማ

ስለ ሙዚቃ ወሬ የሚያወራ፣ በየሳምንቱ የሚለቀቅ የድምፅ ፕሮግራም ልንጀምር ነበር። ስሙንም ዩዘርኔሙንም የማውጣት ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ለእኔ ተሰጠ ስል፣ አለቃችን የራሳቸውን ይዘው እስኪመጡ ድረስ ማለቴ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ይዘው መጡ። ነጩ ሰሌዳ ላይ በትልልቁ amezema ብለው ጻፉና ዞረው አዩን።

«ምን ይታያችኋል?»

ሁላችንም ዝም። ቀድሞ አፉን የከፈተው ግራፊክስ የሚሠራው ልጅ ነው። «አሞኛል ለማለት ነው?»

አልሳቁም። «ከኋላ አንብቡት» አሉ።

አነበብነው። እውነትም ከፊትም ከኋላም ያው ነው። አሠራሩን ደስ እያላቸው አስረዱን፤ zema የሚለውን ገልብጠው amez አገኙ፣ ከዚያ ሁለቱን z ላይ አጋጠሟቸው። መላው ለማንኛውም ቃል ይሠራል። ችግሩ ግራ በኩል የሚወጣው ግማሽ ምን እንደሚል ማንም አለማወቁ ነው። እዚህ ላይ የወጣው «አመ» ነው፤ እሱም ለሕመም የቀረበ ነገር።

እኔን የከነከነኝ ግን ትርጉሙ አይደለም። ይህ መገላበጥ ለዓይን እንጂ ለጆሮ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ የእኛ ፕሮግራም ደግሞ ይሰማል እንጂ አይነበብም። በፊደላችን ጻፉት፦ አመዜማ። ገልብጡት፦ ማዜመአ። ጠፋ! ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ በላቲን የሚገላበጠው በእኛ አይገላበጥም። abeba በላቲን ከሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ አበባ ግን ሲገለበጥ ባበአ ይሆናል። «ውሃው» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በእኛ ፊደል ይገላበጣል፣ wuhaw ብለው ሲጽፉት ግን አይሆንም። በሁለቱም የሚሠራ ፈልጌ ፈልጌ አንድ አገኘሁ፤ «ንብን»፣ nibin። እሱም ቢሆን ግስ የሚጠብቅ ተሳቢ ነው፤ ለፕሮግራም ስም አይሆንም።

ይህን ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ የሚሰማን ሰው መገላበጡን በምን ያውቃል?» አልኳቸው። ሰሌዳውን ራሳቸው አጠፉት። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

ከዚያ የኔን አመጣሁ፦ zemazena። ዜማ ዜና። ሁለቱም በ«ዜ» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም በ«አ» ድምፅ ያልቃሉ፣ እኩል ናቸው፣ ቤት ይመታሉ። ትርጉሙ ፕሮግራሙ ራሱ ነው። 8 ፊደል ብቻ ስለሆነ ኤክስ ከሚፈቅደው 15 እጅግ ያነሰ ነው፤ ቴሌግራም ከሚጠይቀው ትንሹ 5ም ይበልጣል። ከሁሉም በላይ የሚያጣላ ፊደል የለውም። «ቃል ቀላል» የሚል ስም አስቤ የተውኩት በዚህ ነው፤ ለጆሮ እንዴት ደስ ይላል፣ ግን ግማሹ ሰው «ቀ»ን በ q፣ ግማሹ በ k ይጽፈዋል። «ጠ»ም «ጸ»ም እንደዚያው ናቸው። በ z፣ በ m እና በ n የሚከራከር ሰው ግን አላየሁም። አንዷ ባልደረባችን «ዜማ ዘና» ብላ ሰምታው እንኳ በትክክል ጻፈችው፤ ላቲኑ ዜናንና ዘናን አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋልና።

ፈተንኩትም። አምስት ሰዎችን በየተራ ጠርቼ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ነገርኳቸውና ስልካቸው ላይ እንዲጽፉት አደረግሁ። አምስቱም አልሳቱም። ውጤቱን ለአለቃችን በጽሑፍ ላክሁ። በጽሑፍ መላክ አያስፈልግም ነበር፤ ላክሁ።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። በአራተኛው ሳምንት አካባቢ «ፈልጌ አጣኋችሁ» የሚል መልእክት ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ የኢንተርኔት ችግር መሰለኝ። ከዚያ አንዷ አድማጭ የፈለገችበትን ፎቶ አንስታ ላከች፤ መፈለጊያው ላይ zenazema ይላል። ሌሎቹንም ጠየቅሁ፤ አብዛኞቹ እንደዚያ ነው የጻፉት። ስሙን አልረሱትም እኮ! ዜማውንም ዜናውንም ይዘዋል። የረሱት የቱ እንደሚቀድም ነው።

ይህን በወረቀት ላይ ሳየው አፈርኩ። ze_a ze_a፤ ሁለቱን የሚለያቸው መሐል ያለችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ እነሱም m እና n፣ ሁለቱም በአፍንጫ የሚወጡ፣ ለጆሮ እህትማማች የሆኑ። ስሙን የማይረሳ ያደረገው መመሳሰል ራሱ ቅደም ተከተሉን ደምስሶታል። አንደኛው ቃል ቢረዝም ኖሮ ይሻል ነበር፤ አጭሩ ቀድሞ ረጅሙ ሲከተል ጆሮ ይቀበለዋል፣ ሲዛወር ይጎረብጠዋል። «ዜማና ዜናዎች» ብትሉ የቱ እንደሚቀድም አይጠፋችሁም። እኔ ግን እኩልነታቸውን እንደ ውበት ቆጥሬ ነበር። ፈተናዬም ፈተና አልነበረም፤ በነገርኳቸው በደቂቃው ነው ያስጻፍኳቸው። በማግስቱ፣ ምንም ሳልነግራቸው፣ «ያ ስም ማን ነበር?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

አለቃችን ዘንድ ሄጄ ችግሩን አስረዳሁ። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ሰሙኝ፤ ያልቸኮለ ሰው አያስፈራም ማለት አይደለም።

«ለመሆኑ» አሉ «ትክክለኛው የቱ ነው የሚቀድመው?»

«ዜና...» አልኩ። ቆምኩ። ጣሪያውን አየሁ። «ዜማ። ዜማ ነው የሚቀድመው።»

ያቺ ቆም ያልኩባት ቅጽበት ስንት ሰከንድ እንደነበረች አላውቅም፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አላለቀችም። ስሙን ያወጣሁት እኔ፣ የፈተንኩት እኔ፣ በየሳምንቱ የምለጥፍበት እኔ።

እሳቸው ምንም አላሉም። ብዕራቸውን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ባለው ወረቀት ጥግ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ፣ ወደ እኔም አዞሩት። amezema።

«ይኸኛው» አሉ «ከየትም ብትጀምሪው አትሳሳቺም።»

እውነት ለመናገር ሰው ይሳሳታል። zemameza ብሎ የሚጀምር ሰው አይጠፋም፤ ያውም ራሱ የሚገላበጥ ባይሆንም ለጆሮ ደኅና ነው። ይህን መልስ ያሰብኩት ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት zenazema ገና እንዳልተያዘ አይቼ በየመድረኩ አስመዘገብኩትና «እኛን የምትፈልጉ እዚህ ነን» የሚል አንድ ልጥፍ ብቻ አስቀመጥኩበት። አሁን ከአድማጮቻችን ብዙዎቹ በዚያ በኩል ነው የሚገቡት። አቅራቢያችንም እየቀላቀለች ስላስቸገረች፣ ማይክራፎኑ እግር ላይ ወረቀት ለጥፌላታለሁ፦ «በሀ ለ ሐ መም በኤ ቢ ሲ ዲም ‹መ› ከ‹ነ› ትቀድማለች።» ለእሷ ብዬ ነው የለጠፍኩት። ከመለጠፌ በፊት የምቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ይታይ እንደሆነ ግን አይቻለሁ።