ሣጥኑ ወደ መነሻው ሲመለስ

የፊዚክስ የአጋማሽ ፈተና ወረቀቴ ከተመለሰልኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ከውጤቱ በላይ ያሳሰበኝ ስሕተቱ የመጣበት መንገድ ስለሆነ፣ ዛሬ ማታ አስታውሼ ልጽፈው ወሰንኩ። ለፈተናው ስዘጋጅ የኒውተንን ሕጎችና የሰበቃን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አንብቤአለሁ፤ ዋና ዋናውን በቢጫ ቀለም አስምሬአለሁ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የተሠሩትን ምሳሌዎችም ከነመልሳቸው እየተከተልኩ «ይኼ ገብቶኛል» እያልኩ አልፌአለሁ። ከባዶ ወረቀት ጀምሬ በራሴ እጅ እስከ መጨረሻው የሠራሁት ጥያቄ ግን ከስድስት አይበልጥም ነበር።

የወደቅኩበት ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ሣጥን በ30 ዲግሪ ባዘነበለ ወለል ላይ በሰከንድ 6 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ ተገፍቶ ይለቀቃል፤ በሣጥኑና በወለሉ መካከል ያለው የሰበቃ ኮኢፊሸንት 0.2 ነው፤ g = 10 ተብሎ ይወሰድ፤ ሣጥኑ ወጥቶ ሲመለስ መነሻው ላይ የሚደርሰው በምን ያህል ፍጥነት ነው? እኔ የሽቅቡን ጉዞ በትክክል ሠራሁ። ሣጥኑ ሲወጣ የስበት ኃይልም ሰበቃም ወደ ታች ስለሚጎትቱት ሁለቱ ይደመራሉ፦

```
a = g(sin30 + 0.2·cos30) = 10(0.5 + 0.173) = 6.73
d = v²/(2a) = 36/13.46 = 2.67
```

ከዚያ ለቁልቁሉም ያንኑ 6.73 ወሰድኩና ሣጥኑ መነሻው ላይ በሰከንድ 6 ሜትር ይደርሳል ብዬ ጻፍኩ። «ሰበቃ ሁልጊዜ እንቅስቃሴን ይቃወማል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከነገጹ ቁጥር አውቀው ነበር። ሣጥኑ አቅጣጫውን ሲቀይር ሰበቃውም ወደ ሽቅብ እንደሚዞርና አሁን ከስበቱ ላይ መቀነስ እንዳለበት ግን እጄ አያውቅም ነበር። ትክክለኛው የቁልቁል አክሰለሬሽን 10(0.5 − 0.173) = 3.27 ሲሆን፣ የመመለሻው ፍጥነት በሰከንድ 4.18 ሜትር አካባቢ ነው። ይበልጥ የቆጨኝ ደግሞ መልሱ ራሱ ስሕተቱን እየተናገረ አለመስማቴ ነው፤ ሰበቃ ባለበት ወለል ላይ ወጥቶ የተመለሰ ሣጥን የተነሣበትን ፍጥነት ይዞ ሊመለስ አይችልምና።

ወረቀቱን ለታላቅ እህቴ አሳየኋት። እሷ ምህንድስና ተምራ የጨረሰች ናት። ከመልሱ ይልቅ ደብተሬን ነበር የጠየቀችኝ። ገልጣ ካየችው በኋላ «አንተ እኮ ያነበብከው የሌላ ሰው አሠራር ነው፤ ሰበቃውን የት ጋ እንደሚያዞረው የወሰነው መጽሐፉ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» አለችኝ። የዚያኑ ቀን ማታ አብረን አዲስ ዕቅድ አወጣን፤ እስካሁን ሁለት ሳምንት ሠርቼበታለሁ።

ለፊዚክስ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት መድቤአለሁ። ከሁለቱ ሰዓት ለንባብ የምሰጠው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ምዕራፉን በሙሉ ሳይሆን አንዲት ንዑስ ክፍል፣ አራት ወይም አምስት ገጽ። ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ ቀመሩን ብቻ ሳይሆን ቀመሩ የሚሠራበትን ሁኔታ ጭምር በራሴ ቃል እጽፋለሁ። ቀጥሎ ከተሠሩት ምሳሌዎች ሁለቱን እወስድና መልሱን በወረቀት ሸፍኜ፣ የሚቀጥለውን መስመር ራሴ ከገመትኩ በኋላ ብቻ ወረቀቱን ወደ ታች አንሸራትታለሁ። ምዕራፉ ፈጽሞ አዲስ ሲሆን ይህን እርከን መዝለል እንደማይገባ በመጀመሪያው ሳምንት ተረድቻለሁ፤ በቀጥታ ወደ ጥያቄ በገባሁበት ዕለት የምይዝ የምጨብጠው ጠፍቶኝ አንድ ሰዓት አለፈ። የቀረው ጊዜ በሙሉ የጥያቄ ነው፤ አራት ከሠራሁ ጥሩ ምሽት ነው።

ከዕቅዱ ሁሉ የጠቀመኝ ግን ስጣበቅ የማደርገው ነገር ነው። አንድ ጥያቄ 15 ደቂቃ ከያዘኝ መልሱን ከማየቴ በፊት የተጣበቅኩበትን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር የመጻፍ ግዴታ አለብኝ። ዓረፍተ ነገሩ «ሣጥኑ ላይ የትኞቹ ኃይሎች እንዳሉ አላውቅም» ወይም «ሰበቃው ወዴት እንደሚያመለክት እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ከሆነ የጎደለኝ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ወደ መጽሐፉ እመለሳለሁ፣ የምመለሰው ግን ወደዚያች አንቀጽ ብቻ ነው። «ሁለት እኩልታ አለኝ፣ መፍታት አልቻልኩም» የሚል ከሆነ ምዕራፉን አሥር ጊዜ ባነበው አይፈታልኝም፤ የጎደለኝ አልጀብራ ነውና እዚያው ወረቀቱ ላይ መታገል አለብኝ። ቀድሞ ሁለቱንም ችግር በአንድ መድኃኒት፣ በማንበብ ነበር የማክማቸው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች የሚበዙት በኃይሎቹ ሥዕል ላይ የተጣበቅኩባቸው ናቸው፤ ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ቀመር ከመጻፌ በፊት ሥዕሉን እሥላለሁ፣ ነገሩ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥርም እንደ አዲስ እሥላለሁ። የተሳሳትኩትን ጥያቄ ከሁለት ቀን በኋላ ደብተሬን ሳልገልጥ እንደገና እሠራዋለሁ።

ቅዳሜ የተለየ ነው። እህቴ ካለፉት ምዕራፎች ጥያቄዎችን እያቀላቀለች፣ ከየትኛው ምዕራፍ እንደወጡ ሳትነግረኝ በወረቀት ጽፋ ትሰጠኛለች። የሰበቃ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ያለ ጥያቄ የሰበቃ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ፈተና ላይ ግን መንገዱን መምረጥ ራሱ የጥያቄው ግማሽ ነው። ያንኑ የሣጥን ጥያቄ ባለፈው ቅዳሜ ስትሰጠኝ ሥራው በኢነርጂ እንደሚያጥር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎግራም መነሻው ላይ 18 ጁል አለ፤ ሰበቃው ሲወጣ 4.6 ሲመለስም 4.6 ያህል ይወስዳል፤ የሚተርፈው 8.75 አካባቢ ስለሆነ ፍጥነቱ ያው 4.18 ይሆናል። ሰዓት ቢጠየቅ ኖሮ ግን ይህ መንገድ ብቻውን አያደርስም፣ ወደ አክሰለሬሽኑ መመለስ ያስፈልጋል።

ዛሬ ደግሞ በዚያው ሣጥን ላይ ቁጥሮቹን ቀይራ ሰጠችኝ። የሚንሸራተት ሣጥን ሰበቃ 0.5፣ የቆመ ሣጥን ሰበቃ 0.6 ሆነ። ሽቅቡን ሠራሁ፣ 1.93 ሜትር ወጣ። ለቁልቁሉ ሰበቃውን በጥንቃቄ አዙሬ በሰከንድ 1.6 ሜትር አገኘሁና ከ6 ማነሱን አይቼ ደስ አለኝ። እህቴ ምንም ሳትል እርሳሷን ሣጥኑ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚቆምበት ነጥብ ላይ አሳረፈች። እዚያ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ቁልቁል የሚጎትተው የስበት ድርሻ 5 ኒውተን ነው፤ የቆመው ሣጥን ሰበቃ መቋቋም የሚችለው ደግሞ 0.6 × 8.66፣ ማለትም 5.2 ያህል። ሣጥኑ እዚያው ቆሞ ይቀራል፣ ጨርሶ አይመለስም። ዓረፍተ ነገሬን ጻፍኩ፦ «የቆመ ነገር ሰበቃ f ≤ μN መሆኑን አንብቤአለሁ፣ የት እንደምጠይቀው ግን አላወቅኩም»። የሰኞው ግማሽ ሰዓት ንባብ የዚያች ገጽ ነው።