ነጎድጓዱን ማን ይስማው?

ዛሬ አመሻሹ ላይ ምንም ሳይሆን ከፋኝ። ለልጆች በድምፅ የሚተረክ ጽሑፍ እጄ ላይ ነበርና ጮክ ብዬ ሞከርኩት። ቃለ ጉባኤ የማነብ መሰለኝ። ድምፄን አለሳለስኩ፣ ፈገግ እያልኩ አነበብኩ፣ ያው ቃለ ጉባኤ በፈገግታ ሆነ። የደረቀው ጽሑፉ ራሱ ነው፦

«በነጎድጓዳማ ወቅት የሚከሰተው የመብረቅ ብልጭታ ከነጎድጓዱ ድምፅ ቀድሞ የሚታይ ሲሆን፣ ይህም የሆነበት ምክንያት የብርሃን ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት በእጅጉ የላቀ በመሆኑና ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ የሚጓዝ በመሆኑ ነው።»

ቆጠርኩት፤ 31 ቃል፣ አንድ ማሰሪያ አንቀጽ፣ እሱም መጨረሻ ላይ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከቃላቱ አብዛኞቹን ያውቃል። ብልጭታ፣ ድምፅ፣ ብርሃን፣ አየር፤ የትኛው ነው ከባዱ? የሚያደክመው ማሰሪያው እስኪመጣ ሁሉንም ተሸክሞ መጠበቁ ነው። በዓይን የሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጆሮ መመለሻ የለውም። ሸክሙን የሚያበዙት ደግሞ «ሲሆን»፣ «በመሆኑ» እና «ይህም የሆነበት ምክንያት» ናቸው። ሦስቱም የሚያያይዙት ሐሳብ እንጂ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማላላት የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቅመም መነስነስ ነው፦ «ያው መብረቅ ሲመጣ እኮ በቃ ብርሃኑ በጣም ፈጣን ነው እኮ፣ ድምፁ ምናምን ኋላ ነው የሚመጣው ማለት ነው።» ይሄ ዝርክርክ ነው። 340 ሜትሩ የት ገባ? «ምናምን» ውጦታል። «እኮ»ም ዝም ብሎ የሚበተን ጨው አይደለም፤ ሰሚው የዘነጋውን ወይም ልብ ያላለውን ነገር ስናነሳ ነው ቦታው። «ድምፅም እኮ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል» ሲባል ያምርበታል። በየዓረፍተ ነገሩ ሲደገም ግን ሰሚውን የሚነተርክ ይመስላል። ለአንድ አንቀጽ አንድ በቂ ነው፤ ሁለት ከሆነ አንዱን መሰረዝ።

የሚሠራው መንገድ ቃሉን ትቶ ቅደም ተከተሉን መንካት ነው። ሜዳ ላይ የሆነው ምንድን ነው? መጀመሪያ ብርሃን ታየ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ ጮኸ። ምክንያቱ ከጩኸቱ በኋላ ይምጣ፤ ልጁ «ለምን?» ሳይል መልስ መስጠት ሳይርበው ማጉረስ ነው። ከዚያ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር መበጣጠስ። በአንድ ትንፋሽ ሳልጣደፍ የማልጨርሰው ሁሉ ይቆረጣል፤ ለእኔ መስመሩ አሥራ ሁለት ቃል አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ግን አማርኛ ወጥመድ አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ዓረፍተ ነገሩ ባጠረ ቁጥር ማሰሪያው ቶሎ ቶሎ ይመጣል፦ ብርሃን ፈጣን ነው። ድምፅ ቀርፋፋ ነው። መብረቁ ሩቅ ነው። ነው፣ ነው፣ ነው፤ ሚስማር የመምታት ያህል። ለዚህ መድኃኒቱ አንዱን በጥያቄ መዝጋት፣ አንዱን ያለ ግስ መተው፣ አንዱን ደግሞ እንደ «ቦግ አለ» ባለ ቃል ማሰር ነው። እነ ቦግ፣ ድርግም፣ ብልጭ የጨዋ ቋንቋ ናቸው፤ የአራዳ ቃል የሚሰጠውን ሕይወት ይሰጣሉ፣ ግን እንደሱ በሁለት ዓመት አያረጁም።

ከብዙ ፍቆ መጻፍ በኋላ የወጣው ይሄ ነው፦

«መብረቁ ቦግ አለ። ነጎድጓዱስ? ገና ነው። ቤት ውስጥ ሆናችሁ ቁጠሩ፤ አንድ... ሁለት... ሦስት... ጓ! አሁን ሰማችሁት። ብርሃኑና ድምፁ የተነሡት እኩል ነበር። ብርሃኑ ወዲያው ደረሰ። ድምፅ ግን በአንድ ሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድ ከቆጠራችሁ፣ መብረቁ ከእናንተ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ይርዘም። «ያህል»ን ከሁለቱም ቦታ አላነሣሁትም፣ ምክንያቱም 340 ሲባዛ በሦስት 1020 ነው፣ የድምፅ ፍጥነትም ከአየሩ ሙቀት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ወዳጃዊ ለመሆን ብሎ «ያህል»ን የሚጥል ሰው ልጁን ሐሰት ያስተምረዋል። «ቤት ውስጥ ሆናችሁ» ደግሞ መጀመሪያ አልነበረችም። ደረቁ ጽሑፍ ማንንም አላዘዘም፤ «ቁጠሩ» ያልኩ ጊዜ ግን የሚሰማኝ ልጅ እውነትም ሊቆጥር በረንዳ ላይ ይወጣል። ትእዛዝ የገባበት ትረካ ሁሉ፣ ልጁ ቃሉን ሲፈጽም የት እንደሚቆም አብሮ መናገር አለበት።

አንዱ ረቂቅ ላይ «ነጎድጓዱ ዘግይቶ ይሰማል» የሚል ነበረ። ሳነበው ምላሴ ሳተና «ሰ»ን አላልቼ አለፍኩ፤ ነጎድጓዱ ጆሮ አውጥቶ የሚያዳምጥ ሆነ። ፊደላችን ጥብቀቱን አያሳይም፤ ለትረካ በሚዘጋጅ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲገኝ በእርሳስ ነጥብ አናቱ ላይ ማስቀመጥ ያሻል። ወይም ግሱን መለወጥ፦ «ነጎድጓዱን ዘግይታችሁ ትሰማላችሁ።» አሁን የሚሳሳት የለም። የገረመኝ፣ ለምላስ ብዬ የለወጥኩት ነገር ዓረፍተ ነገሩን ማሞቁ ነው። በ«ይሰማል» ውስጥ የሚሰማው ሰው አልነበረም፤ በ«ትሰማላችሁ» ውስጥ ግን ሰዎች ገቡ።

ሰዎች። ስንት ሰዎች? እንቅልፌን የነሳኝ ይሄ ነው።

«እናንተ» ለክፍል ሙሉ ልጆች ይመቻል፤ ወንድ ሴት አይለይም። ግን ብዙዎቹ የሚያዳምጡት ብቻቸውን ነው። ወደ ነጠላ ልመልሰው ብል ቋንቋው ወዲያው ይጠይቀኛል፦ ቁጠር ወይስ ቁጠሪ? አንዱን ስመርጥ ሌላው በር ላይ ይቀራል። እያፈራረቅኩ ብል አድማጩ መሃል ላይ ሰው የተለወጠ ይመስለዋል፤ ከዝርክርክነት ሁሉ ቶሎ የሚያስታውቀው ይሄ ነው። «እንቁጠር» ለመቁጠር ያህል ይሆናል፣ አብሬ ልቆጥር እችላለሁና። ግን እኔ የማላደርገውን ሁሉ «እናድርግ» ማለት ስጀምር መድኃኒት የምታጠጣ ነርስ እሆናለሁ። «ይቆጠራል» ብል ወደ ቃለ ጉባኤው ተመለስኩ። «አንዲት ልጅ ቆጠረች» ብል ያምራል፣ አድማጩ ግን ከቆጣሪነት ወደ ተመልካችነት ወረደ።

ስለዚህ ለጊዜው «እናንተ» አሸንፏል። አንድ ጊዜ ከተመረጠ እስከ መጨረሻው «እናንተ» ነው፤ ከ«ትሰማላችሁ» ጎን «ተመልከት» የሚል አንድ ግስ ካመለጠ ሙቀቱ ሁሉ ውሸት ይሆናል። አራት ጊዜ ፈተሽኩ፤ አምስተኛው ላይ አንድ «ታያለህ» አገኘሁ።

የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ፣ ብቻዋን የምታዳምጠው ልጅ ግን፣ «እናንተ» ስላት ሌላው ማነው ብላ ዞር ትል ይሆን?